ለማናውቀው ባለሙያ የምንጽፈው አጭር መልእክት



ዛሬ የምናገረው ከአንድ ገጽ ሩብ ስለማይበልጥ ጽሑፍ ነው። አዲስ ተመራቂ ለማያውቀው ባለሙያ፣ «በሙያው ስላለፉበት መንገድ ለጥቂት ደቂቃ በስልክ ላነጋግርዎ እችል ይሆን?» ብሎ ስለሚልከው መልእክት ነው። በውኃ ሥራ ውስጥ የቆየን ሰዎች እንዲህ ያለ መልእክት በኢሜይል፣ በሊንክድኢንና በቴሌግራም ይደርሰናል። አንዳንዱን እንዳነበብን እንመልሳለን። አንዳንዱን ግን ምን ብለን እንደምንመልስ ግራ ገብቶን «ቆይቼ እጽፍለታለሁ» እንልና እንረሳዋለን። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የቅርብ ዘመድና ጓደኛ እያለ ለምን የማናውቀውን ሰው እንጠይቃለን? ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ቦስተን አጠገብ ባለችው የኒውተን ከተማ የሚኖሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን እንዴት እንዳገኙ አጥንቶ በ1973 አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሚያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነበር። ምክንያቱን ማየት አይከብድም። የቅርብ ሰዎቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። አብሮን የተመረቀ ጓደኛችን የሰማውን ማስታወቂያ እኛም ሰምተናል። አዲስ ነገር የሚመጣው ሌላ ክበብ ውስጥ ከሚውል ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ የሚናገረው በጥቂቱም ቢሆን ስለሚተዋወቁ ሰዎች ነው። ጨርሶ የማያውቀን ሰው ገና በዚያ ቁጥር ውስጥ አልገባም። የምንጽፈው መልእክትና የሚከተለው የስልክ ውይይት የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ጭራሽ የማያውቀንን ሰው በጥቂቱ ወደሚያውቀን ሰው ይለውጡታል። ከአንድ መልእክት ከዚህ በላይ መጠበቅ መልእክቱን ያበላሸዋል።

እንዴት እንደሚያበላሸው ላሳያችሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ለበላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ስንማር የተማርነው ማመልከቻ ነው። ከማመልከቻው በስተጀርባ ደግሞ ከአባቶቻችን የወረስነው ደጅ ጥናት አለ። ጉዳይ ያለው ሰው ከባለሥልጣን ደጅ ይቆማል፣ እጅ ይነሳል፣ ባለሥልጣኑ የፈቀደውን ይሰጠዋል። ደጅ ጠኚው ምን እንደሚፈልግ በዝርዝር መናገር ድፍረት ይመስልበታል። ስለዚህ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጌታውን ያወድሳል፣ ጥያቄውን ክፍት ይተዋል። ይህ ልማድ ሳናውቀው ወደ ስልካችን ገብቷል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን መልእክት የሚከተለውን ይመስላል፤

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት? ሥራ፣ ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ዘንድሮ በሃይድሮሊክ ምህንድስና የተመረቅኩ ወጣት ነኝ። የእርስዎን ሥራ ሁልጊዜ አደንቃለሁ። እንደ እርስዎ ትልቅ ሰው መሆን ምኞቴ ነው። ካለዎት ውድ ጊዜ ላይ ትንሽ ሰውተው የሕይወት ልምድዎን ቢያካፍሉኝ፣ የሚያውቁትም ክፍት ቦታ ካለ ቢያስቡኝ ውለታዎን አልረሳም። ሲቪዬን አያይዤ ልኬያለሁ።»

ይህ ጨዋ መልእክት ነው፤ አንድም ነውር የለበትም። መልስ የማያገኘው የጨዋነት ጉድለት ኖሮበት ሳይሆን ለመመለስ ስለሚከብድ ነው። «የሕይወት ልምድ» ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል? «ትንሽ ጊዜ» አሥር ደቂቃ ነው ወይስ አንድ ሰዓት? በመጨረሻም የሥራ ጥያቄው መጣና ከላይ ያለው ሁሉ መግቢያ ሆኖ ቀረ። ክፍት ቦታ በእጁ የሌለው ተቀባይ እሺ ቢል ለልጁ የማይሆን ተስፋ መስጠት ይሆንበታል፤ እምቢ ቢል ደግሞ ጭካኔ ይመስለዋል። መሐል ቤት ዝም ይላል።

እንግዲህ ሌላ ልጅ እናስብ። ባለፈው ዓመት ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሃይድሮሊክ ምህንድስና ተመርቋል። አሁን በአንድ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ድርጅት የሳይት መሐንዲስ ነው። ሥራው ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ በፓምፕ መፈተንን ይጨምራል። ፓምፑ በተወሰነ መጠን ለ24፣ ለ48 ወይም ለ72 ሰዓት ውኃ ሲስብ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ምን ያህል እንደወረደ በየጊዜው ይለካል፤ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ እንዴት እንደሚመለስ ይመዘግባል። ልጁ ይህን ውሂብ ሰብስቦ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላው ሰው ከቁጥሮቹ ተነስቶ የመሬቱን ውኃ የማሳለፍ አቅም ያሰላል፣ የአካባቢውን የከርሰ ምድር ውኃ በኮምፒዩተር ሞዴል ያደርጋል። ልጁ ወደዚያኛው ሥራ መሻገር ይፈልጋል። ያልቆረጠለት አንድ ነገር ነው፤ አሁኑኑ ማስተርስ ይግባ ወይስ ሁለት ዓመት መስክ ላይ ይቆይ?

ማንን ይጠይቅ? ደጅ ጥናት ያስለመደን ከሁሉ በላይ ወዳለው ሰው መሄድን ነው፤ ወደ ሚኒስትር ዴኤታው፣ ወደ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመረቀ ሰው ያለፈበት በር ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ የመጀመሪያ ዓመቶቹንም በዝርዝር አያስታውስም። ከልጁ አምስት፣ ስድስት ወይም ስምንት ዓመት የቀደመ ሰው ይሻለዋል። ያ ሰው ያን ጊዜ ያስጨነቀውን አልረሳም። ልጁም ፈልጎ፣ በቁፋሮ ሥራ ላይ ሦስት ዓመት ቆይተው፣ ከዚያ ኔዘርላንድስ ዴልፍት በሚገኘው የውኃ ትምህርት ተቋም ማስተርሳቸውን ሠርተው፣ አሁን እዚያው በከርሰ ምድር ውኃ ሞዴሊንግ ላይ የሚሠሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት መሐንዲስ አገኘ። እንዲህ ጻፈ፤

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ባለፈው ዓመት ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሃይድሮሊክ ምህንድስና ተመርቄ አሁን በአንድ የጉድጓድ ቁፋሮ ድርጅት በሳይት መሐንዲስነት እሠራለሁ። በሊንክድኢን ገጽዎ ላይ፣ ወደ ሞዴሊንግ ከመሻገርዎ በፊት ሦስት ዓመት በቁፋሮ ሥራ መቆየትዎን አነበብኩ። እኔም አሁን ማስተርስ ልግባ ወይስ ሁለት ዓመት መስክ ላይ ልቆይ የሚለው አልቆረጠልኝም። እርስዎ ያን ጊዜ በምን መዝነው እንደወሰኑ ለ20 ደቂቃ በስልክ ብጠይቅዎ ፈቃድዎ ይሆን? ሥራ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ለመጠየቅ አይደለም። ለስልክ ካልተመችዎት ሁለት መስመር የጽሑፍ መልስም ይበቃኛል፤ ጊዜ ባይኖርዎትም እረዳለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ከሥሩ ሙሉ ስሙንና ስልኩን ጻፈ። ይህን መልእክት ሐረግ በሐረግ እንየው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማንነቱን በሦስት ነገር ይነግራል፤ የት ተማረ፣ ምን ተማረ፣ አሁን የት ነው። ማጭበርበር በበዛበት ዘመን ተቀባይዋ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይህ እውነተኛ ሰው ነው?» ብለው ነው። ዩኒቨርሲቲውና ሙሉ ስሙ ይህን ይመልሳሉ። በዚሁ ምክንያት መልእክቱ ውስጥ የሚጫን ማስፈንጠሪያም ሆነ የተያያዘ ፋይል የለም። ሲቪ ማያያዝ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። «ሥራ ለመጠየቅ አይደለም» ያለውን ቃል ራሱ ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አድራሻቸውን ከየት እንዳገኘና ምን እንዳነበበ ይነግራል። እዚህ ውዳሴ የለም። ሆኖም «ሦስት ዓመት በቁፋሮ ሥራ መቆየትዎን አነበብኩ» የሚለው ከየትኛውም ውዳሴ ይበልጥ ያከብራል፤ የባለሙያዋን ጉዞ ጊዜ ወስዶ እንዳነበበ ያሳያልና።

የመልእክቱ ልብ ግን ጥያቄው ነው። «በምን መዝነው እንደወሰኑ» ብሎ የጠየቀው እሳቸው ብቻ ሊመልሱት የሚችሉትን ነው። ይህን መለየት የሚያስችል ቀላል መፈተኛ አለ። የተቀባዩን ስም አውጥታችሁ የሌላ ሰው ስም አስገቡበት። መልእክቱ ምንም ሳይጎድልበት የሚያገለግል ከሆነ ጥያቄያችሁ ገና አልበሰለም። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት የሚልክ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በሙያ ክበብ ውስጥ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ ያው መልእክት ለሁለት ባልደረቦች መድረሱ ብዙ ጊዜ ይታወቃል።

ቀጥሎ ጊዜው ተወስኗል፤ 20 ደቂቃ። «ትንሽ ጊዜ» ሲባል የተፈራው ነገር አሁን ወሰን አገኘ። ከዚያ «ሥራ ለመጠየቅ አይደለም» አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው እውነት ከሆነ ብቻ ነው። የምትፈልጉት ሥራ ከሆነ ክፍት ቦታውን ጠቅሳችሁ በግልጽ አመልክቱ፤ እሱም የተከበረ ነገር ነው። ምክር ጠይቆ በስልኩ መሐል ወደ ሥራ ልመና መዞር ግን ያንን ሰው ብቻ ሳይሆን ከኋላችሁ የሚመጡትን ጠያቂዎች ጭምር ያስቀይማል።

በመጨረሻ ሁለት መውጫ በር ተከፍቷል፤ አጭር የጽሑፍ መልስ፣ ወይም እምቢታ። እኛ ዘንድ እምቢ ማለት ከባድ ነው። እምቢ ማለት የከበደው ሰው የሚሸሸው ወደ ዝምታ ነው። እምቢታውን ስታቀሉለት መልስ የማግኘት ዕድላችሁን ታሰፋላችሁ።

ስለ አክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ «እርስዎ» አለ፤ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» አላለም። እነዚህ ውብ መጠሪያዎች ቅርበትን የሚያስቀድሙ ናቸው፤ ቅርበቱ ደግሞ ገና አልመጣም። ባለሙያዋ «አንተ» ብለው ቢመልሱም እሱ በ«እርስዎ» ይቀጥላል፤ «አንቺ በለኝ» ካሉት በኋላ የሳቸው ፈቃድ ነው። ውጭ አገር ተወልደው ላደጉ ኢትዮጵያውያን ስትጽፉ ግን የሚጽፉበትን ቋንቋ ተመልከቱ። ገጻቸው በሙሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ አማርኛ ማንበብ ላይችሉ ይችላሉ።

በሊንክድኢን ከግንኙነት ጥያቄ ጋር የሚላከው ማስታወሻ እንደ አካውንቱ ዓይነት በ200 ወይም በ300 ፊደል የተወሰነ ነው። ይህ ለኛ ያደላል፤ በእንግሊዝኛ ሁለትና ሦስት ፊደል የሚፈጀው ድምፅ በግዕዝ ፊደል አንድ ነው። የልጁ መልእክት አጥሮ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የአርባ ምንጭ የሃይድሮሊክ ምሩቅ ነኝ፤ በቁፋሮ ሥራ ላይ ነኝ። ከቁፋሮ ወደ ሞዴሊንግ ሲሻገሩ በምን እንደወሰኑ ለ20 ደቂቃ በስልክ ብጠይቅዎ ፈቃድዎ ይሆን? ሥራ ለመጠየቅ አይደለም።» ከ200 በታች ነው፤ ጥያቄውም አልጠፋም። በቴሌግራም ስትጽፉም ሙሉውን በአንድ መልእክት ላኩት። «ሰላም» ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ተቀባዩን ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ በር እንዲከፍት ማስገደድ ነው። ሳይጠይቁ የድምፅ መልእክት መላክም፣ በቀጥታ መደወልም እንደዚያው ነው።

አሁን ባለሙያዋ «እሺ፣ መቼ ይመችሃል?» ብለው መለሱ እንበል። ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ነው። ልጁ «ግንቦት 12 ከምሽቱ 1 ሰዓት» ቢል፣ የዴልፍቷ መሐንዲስ ስልክ ስለ ግንቦትም ስለ ምሽቱ 1 ሰዓትም የሚያውቀው የለም። ዓመታት ውጭ የኖረ ሰው ደግሞ 1 ሰዓትን እንደ ፈረንጆቹ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፤ «ግንቦት 12፣ በፈረንጆች ሜይ 20፤ በአዲስ አበባ 19:00፣ በእርስዎ ዘንድ 18:00።» ኔዘርላንድስ በበጋቸው ከኛ በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ሰዓታቸውን የሚያዞሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት የተያዘ ቀጠሮ እንደገና ይታይ። ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ አቅርቡ። በቀጠሮው ሰዓት የምትደውሉት እናንተ ናችሁ፤ ሚስኮል አድርጎ መጠበቅ አይሆንም። ኔትወርክ ቢቋረጥ በምን እንደምትቀጥሉም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መልስ ባይመጣስ? እዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች አብረው ቢነበቡ ይጠቅማሉ። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ቦንስ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች እርዳታ ሲጠይቁ ምን ያህሉ እሺ እንደሚላቸው ሲገምቱ ከእውነታው በጣም አሳንሰው እንደሚገምቱ ታይቷል። ይህ ያበረታታል። ነገር ግን እነዚያ ጥያቄዎች በአካል የቀረቡ ነበሩ። ቦንስ በ2017 ከመህዲ ሮጋኒዛድ ጋር ባሳተመችው ሌላ ጥናት ያንኑ ጥያቄ ለማያውቁት ሰው በአካል ማቅረብ በኢሜይል ከማቅረብ 34 እጥፍ ውጤታማ ሆኖ ተገኘ፤ ጠያቂዎቹ ግን ሁለቱ እኩል ይመስሏቸው ነበር። ከዚህ የምረዳው ሁለት ነገር ነው። የጽሑፍ መልእክት በተፈጥሮው ደካማ መንገድ ስለሆነ ዝምታን እንደ ንቀት አትቁጠሩት። ደግሞም ባለሙያውን በስብሰባ፣ በዎርክሾፕ ወይም በምረቃ በዓል በአካል የማግኘት ዕድል ካለ ያንን አስቀድሙ፤ መልእክቱ ያንን ይከተል።

ዝምታው ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ከቆየ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዝም ካሉ እናንተም ተዉት። በሰሙነ ሕማማት፣ በረመዳን መጨረሻ ቀኖች ወይም በበዓል ዋዜማ የተላከ መልእክት ከሌላው ሥር ይቀበራል፤ ከበዓሉ በኋላ ላኩት።

ስልኩ ላይ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። የልጁን ብንመለከት፤ «ሦስቱ የመስክ ዓመታት ለሞዴሊንጉ ምን ሰጡዎት?»፣ «ያን ጊዜ የነበረ፣ አሁን ግን የሌለ ዕድል የቱ ነው?»፣ «እኔ ያለሁበት ላይ ሆነው ቢሆን በቅድሚያ ምን ይማሩ ነበር?» መካከለኛው ጥያቄ እንዳይዘለል። የአንድ ሰው ጉዞ የአንድ ሰው ጉዞ ነው። በጊዜው የተገኘ የትምህርት ዕድል፣ በጊዜው የነበረ ፕሮጀክት ረድቶት ሊሆን ይችላል። የተሳካለት ሰው መንገዱን ሲነግራችሁ በዚያው መንገድ ሄደው ያልተሳካላቸውን አታገኟቸውም። ስለዚህ ምክሩን እንደ ማስረጃ ያዙት እንጂ እንደ ፍርድ አትያዙት፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰውም ጠይቁ።

ባለሙያዋ ለልጁ እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፤ «በመስክ የለካሁትን ቁጥር ስለማውቀው ሞዴሉ ሲሳሳት ስህተቱ ከልኬቱ ይሁን ከስሌቱ እለያለሁ። ግን ሦስት ዓመት አያስፈልግም ነበር። የምትሰበስበውን ውሂብ ለሌላ ሰው ከመስጠትህ በፊት ራስህ አስላው፣ ከዚያ ውጤትህን ከእነሱ ጋር አመሳክር።» ይህ ነገ ጠዋት ሳይት ላይ የሚጀመር ሥራ ነው። «የሕይወት ልምድዎን ያካፍሉኝ» ለሚል ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ አይመጣም።

18ኛው ደቂቃ ላይ ልጁ ራሱ «20 ደቂቃው እየሞላ ነው» ይበል። መቀጠል ከፈለጉ እሳቸው ይቀጥላሉ። የመጨረሻው ጥያቄም ይኸው፤ «ከዚህ በኋላ ከማን ጋር ብነጋገር ይሻለኛል?» ስማቸውን ጠቅሶ ለሁለተኛው ሰው ሲጽፍ ያ መልእክት ከማያውቁት ሰው የመጣ አይሆንም። ግራኖቬተር ያየው ዓይነት ትውውቅ የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። በማግስቱ የምስጋና መልእክት ይላካል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ምክሩን ተከትሎ ምን እንደሆነ ይጻፍላቸዋል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ያደርጋሉ፤ ሁለተኛውን የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። እኛ መካሪዎች ግን የምንናፍቀው ሁለተኛውን ነው፤ የተናገርነው ነገር ይሥራ አይሥራ የምናውቀው በእሱ ብቻ ነውና።

እዚህ ለተገኛችሁ ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። ጊዜ የላችሁም፤ አውቃለሁ። እምቢ ስትሉም ጻፉት። «አሁን አልችልም፤ ከዚህ ሰው ጋር ብትነጋገር ይሻልሃል» የሚል ሁለት መስመር ልጁን ከአሥር ቀን ጥበቃ ያወጣዋል፤ ወደሚቀጥለውም ሰው ያሻግረዋል።

እናንተ ተመራቂዎች ደግሞ ዛሬ ማታ ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በወረቀት ላይ አስቀምጡ። መልሱ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ከሆነ እዚያ ፈልጉት። መልሱ አንድ ሰው ጋ ብቻ ያለ ከሆነ ያንን ሰው አግኝታችኋል፤ በአክብሮትና በግልጽ ጠይቁት።